ስኳር ያልገባበት ጣፋጭ ወተት

እትዬ አንዴ ፉት አሉና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ መለሱት። "አንተ ልጅ፣ ስኳር ከተህበታል" አሉኝ።

አልከተትኩም። ካርቶኑን የከፈትኩት እዚያው ፊታቸው ነበር። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ሲመጣ ይዞላቸው የመጣ ላክቶስ የሌለው ወተት ነው። እትዬ የምላቸው አክስቴን ነው። ስኳር በሽታ ካለባቸው ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ከዚያ ሌላ ደግሞ ወተት አይስማማቸውም። አንድ ብርጭቆ ከጠጡ ሆዳቸው ይነፋል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ያስቀምጣቸዋል። እርጎና አይብ ግን ምንም አይሏቸውም። ልጃቸው ይህን ስለሚያውቅ ነው ካርቶኑን ገዝቶ ያመጣላቸው።

እሳቸው በምላሳቸው ብቻ አላቆሙም። የስኳር መለኪያ ማሽናቸውን ከመሳቢያ አወጡ። ስትሪፑን አስገቡና በደም ፋንታ አንዲት የወተት ጠብታ አስነኩት። ስክሪኑ ላይ `Hi` የሚል ጽሑፍ መጣ። ማሽኑ ሊቆጥረው ከሚችለው በላይ ስኳር አለ ማለቱ ነው። ቀጥለው በየጠዋቱ ከጅሬን በኩል ከሚመጣልን የላም ወተት ሌላ ጠብታ ወሰዱ። በአዲስ ስትሪፕ ለኩት። `Lo` አለ። ስኳር የለም ወይም ማሽኑ ሊያየው ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው።

"ይኸው!" አሉ። ምን ይባላል? ምላሳቸውም ማሽኑም አንድ ነገር እየመሰከሩ ነው።

ካርቶኑን አዙሬ ጀርባው ላይ የተጻፈውን አነበብኩላቸው። ከተጨመረው ነገር ዝርዝር ውስጥ ወተትና ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም ብቻ ነው ያለው። የስኳሩ መጠን በ100 ሚሊ ሊትር 4.7 ግራም ይላል። ኩሽና ውስጥ ቀድሞ የተከፈተ የተለመደ የካርቶን ወተት ነበር። እሱም ላይ የተጻፈው 4.7 ግራም ነው። አንዱ ጣፋጭ፣ አንዱ የማይጣፍጥ፤ የስኳራቸው መጠን ግን እኩል።

እትዬ ወረቀቱን አላመኑትም። እኔም ዝም ብለው እንዲያምኑት አልፈለግኩም። ምክንያቱም ይህ ጥያቄ ለእሳቸው የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው የሚጠጣው ነገር ውስጥ ምን እንዳለ በትክክል ማወቅ አለበት።

በቀንበር የተጠመዱ ሁለት ስኳሮች

የላም ወተት በተፈጥሮው ስኳር አለው። ስሙ ላክቶስ ነው። በአንድ ሊትር ወተት ውስጥ ወደ 48 ግራም ገደማ ይገኛል። ይህ ማለት ደርዘን የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ነው። ይህን ያህል ስኳር አንድ ሊትር ሻይ ውስጥ ቢገባ ሻዩ በደንብ ይጣፍጥ ነበር። ወተት ግን አይጣፍጥም ማለት ይቻላል። ላክቶስ በጣም ደካማ ጣፋጭ ስለሆነ ነው። ቤት ውስጥ ከምንጠቀምበት ስኳር ጋር ሲወዳደር ጣፋጭነቱ አንድ አምስተኛው ቢሆን ነው።

ላክቶስ ሁለት ትንንሽ ስኳሮች ተያይዘው የተሠራ ነው። አንደኛው ግሉኮስ ነው። በደማችን ውስጥ የሚዞረውና የእትዬ ማሽን የሚለካው እሱ ነው። ሁለተኛው ጋላክቶስ ይባላል። እኔ ሁልጊዜ የማስበው በአንድ ቀንበር እንደተጠመዱ ሁለት በሬዎች ነው። በአንጀታችን ግድግዳ ላይ ያለው በር ጠባብ ነው። በሬዎቹን አንድ በአንድ ያስገባል። እንደተጠመዱ ግን አያሳልፋቸውም።

ቀንበሩን የሚፈታው ላክቴዝ ነው። ላክቴዝ የትንሹ አንጀታችን ግድግዳ የሚያመርተው ኢንዛይም ነው። ሕፃን ሆነን ሁላችንም ማለት ይቻላል በብዛት አለን። ጡት ከተጣለ በኋላ ግን በብዙ ሰው ላይ እየቀነሰ ይሄዳል። በዓለም ላይ ካለው አዋቂ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እንደ እትዬ ነው። ስለዚህ እንደ በሽታ መቁጠሩ ልክ አይመስለኝም። አዋቂ ሆኖ ወተት እንደ ልብ የሚጠጣው ሰው ነው የተለየው።

ያልተፈታው ላክቶስ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። ሲወርድ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። እዚያ የሚጠብቁት ባክቴሪያዎች ደግሞ ይበሉታል። ሲበሉት ጋዝ ይወጣል። መነፋቱ፣ መጮሁና ማስቀመጡ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ማሽኑ እንመለስ። ስትሪፑ ላይ የተቀባው ነገር ራሱ ኢንዛይም ነው። ብዙዎቹ ስትሪፖች ላይ ያለው ግሉኮስ ኦክሲዴዝ ይባላል። እሱ የሚያውቀው ብቻውን የሚሄድ ግሉኮስን ነው። ከጋላክቶስ ጋር የተጠመደ ግሉኮስ ፊቱ ቢያልፍ አያየውም። ስለዚህ ከጅሬን የመጣው ወተት 48 ግራም ስኳር ተሸክሞ ሳለ ማሽኑ `Lo` አለ። የካርቶኑ ወተት ውስጥ ደግሞ ቀንበሩ ቀድሞ ተፈትቷል። ግሉኮሱ በነፃነት ይዋኛል። ማሽኑ `Hi` ያለው ይህን አይቶ ነው። ማሽኑ የተሠራው ለደም መሆኑንም አንርሳ። ወተት ውስጥ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም። የተፈታ ግሉኮስ አለ ወይስ የለም ለሚለው ጥያቄ ግን ጥሩ ምስክር ነው።

ምላስ ለምን ተታለለ?

አልተታለለም። ወተቱ እውነትም የበለጠ ጣፋጭ ነው። እስቲ አንድ ሊትሩን ይዘን እንቁጠር።

ከመፈታቱ በፊት 48 ግራም ላክቶስ አለን። ጣፋጭነቱ የስኳር አንድ አምስተኛ ነው ካልን፣ ምላሳችን ላይ 10 ግራም ስኳር የገባበት ያህል ነው የሚሰማን። በአንድ ሊትር ውስጥ 10 ግራም ማለት ብዙም አይታወቅም።

ላክቴዝ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በግምት 25 ግራም ግሉኮስና 25 ግራም ጋላክቶስ ይኖረናል። ሁለቱ ሲደመሩ 50 ናቸው፣ ከ48 በ2 ግራም ይበልጣሉ። ያቺ 2 ግራም የውሃ ናት። ኢንዛይሙ እያንዳንዱን ቀንበር ሲፈታ አንድ የውሃ ሞለኪውል ከወተቱ ወስዶ የተቆረጠው ቦታ ላይ ይለጥፋል። ከውጭ የመጣ ስኳር የለም።

የግሉኮስ ጣፋጭነት ከስኳር ጋር ሲወዳደር ሰባ በመቶ አካባቢ ነው። ስለዚህ 25 ግራሙ እንደ 17 ወይም 18 ግራም ስኳር ይጣፍጣል። የጋላክቶስ ከዚያ ያነሰ ነው። መጠኑ ላይ ለኪዎች ሁሉ አይስማሙም፣ እኔ አርባ በመቶ ብዬ ልያዘው። 10 ግራም ይሆናል። ሲደመር 28 ግራም ገደማ። ከ10 ወደ 28 አደገ ማለት ነው። ልዩነቱ 18 ግራም ነው።

ይህን ወደ አንድ ብርጭቆ እናውርደው። በ200 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ልዩነቱ ሦስት ግራም ተኩል ይሆናል። ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ትንሽ ያንሳል። እትዬ "ስኳር ከተህበታል" ሲሉ ምላሳቸው የቆጠረው በትክክል ያንን አንድ ማንኪያ ነው። በጣም ነው ያደነቅኳቸው።

ለምን ሲፈታ ይጣፍጣል ለሚለው ሁለት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው ቁጥር ነው። በአንድ ሞለኪውል ቦታ ሁለት ሆኑ። ምላሳችን ላይ ያለው የጣፋጭ መቀበያ የሚነካው ነገር በዛለት። ሁለተኛው የቅርጽ ጉዳይ ነው። ግሉኮስ ብቻውን ሲሆን መቀበያው ላይ ደህና አድርጎ ይቀመጣል። ከጋላክቶስ ጋር ተጠምዶ ሲመጣ ግን አይመቸውም፣ ነካ አድርጎት ያልፋል።

ሦስት ብርጭቆ፣ አንድ ሌሊት

እትዬን ያሳመናቸው ሒሳቡ አልነበረም። ልጃቸው ከካርቶኑ ጋር አንዲት ትንሽ የላክቴዝ ጠብታ ጠርሙስም አምጥቶ ነበር። ውጭ አገር ካለ ዘመድ የተላከች ናት። "እንግዲያው እዚሁ እንሥራው፤ ስኳር ስከት ካዩኝ ይያዙኝ" አልኳቸው።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ከእርሾ የተገኘ ነው። ክሉይቬሮማይሰስ ላክቲስ የሚባል እርሾ አለ። ወተት ውስጥ መኖር የሚወድ ነው፤ ላክቴዙንም ለራሱ ሲል ያመርታል። ፋብሪካዎች እርሾውን በትልልቅ ጋኖች ያራባሉ። ከዚያ ኢንዛይሙን ለይተውና አጣርተው ይወስዳሉ። ይህ ዓይነቱ ላክቴዝ የሚስማማው ኮምጣጣ ያልሆነ፣ እንደ ትኩስ ወተት ያለ ቦታ ነው። ከምግብ በፊት የሚዋጠው የላክቴዝ እንክብል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከሻጋታ ነው። እሱ የጨጓራን ኮምጣጤ ይችላል። ስለዚህ እንክብሉን ፈጭቶ ወተት ውስጥ መጨመር እንደ ጠብታው አይሆንም።

የጅሬኑን ወተት አፈላነው። ጥሬ ወተት ሳይፈላ አይጠጣም፤ ለላክቶስም ብለን ይህን አንዘልም። ጅማ ከባህር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ስለሆነች ወተት እዚህ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው። ገንፍሎ ሲነሳ ወዲያው አላወጣነውም፣ እያማሰልን ትንሽ ደቂቃ አቆየነው።

ከዚያ ወተቱን በሦስት ብርጭቆ ከፈልነው። የመጀመሪያው ውስጥ ምንም አልጨመርንም። ሁለተኛውን አቀዘቀዝነው። ከውጭ ስነካው ብርጭቆው ምንም ሙቀት አልነበረውም። ያን ጊዜ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጠብታውን ጨመርንና አማሰልነው። ሦስተኛው ውስጥ ደግሞ ሆን ብዬ እንፋሎቱ ሳይቆም፣ ገና እጅ እያቃጠለ ጠብታውን ጨመርኩበት። ሦስቱንም ከድነን ፍሪጅ ውስጥ አስገባናቸው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ያወጣናቸው በማግስቱ ማታ ነው።

እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነው ቀመሱ። የመጀመሪያው የተለመደ ወተት። ሁለተኛው ጣፋጭ፣ ልክ እንደ ካርቶኑ። ሦስተኛው እንደ መጀመሪያው። ስትሪፕ ውድ ስለሆነ ማባከን አልፈለግኩም ነበር፣ እሳቸው ግን "ሦስቱንም" አሉ። የመጀመሪያው `Lo`፣ ሁለተኛው `Hi`፣ ሦስተኛው `Lo`።

ሦስተኛው ብርጭቆ ላይ የሆነው ነገር ብዙ ሰው ቤቱ ሲሞክር የሚሳሳተው ነው። ኢንዛይም ፕሮቲን ነው። እንቁላል ሲሞቅ እንደሚረጋው ሁሉ ሙቀት ቅርጹን ያበላሸዋል። ቅርጹ ከተበላሸ ቀንበር መፍታት አይችልም። የእርሾው ላክቴዝ በጣም የሚፈጥነው በሰውነት ሙቀት አካባቢ ነው። ከ50 ዲግሪ ሲያልፍ ቶሎ ይሞታል። በፍሪጅ ቅዝቃዜ ደግሞ አይሞትም፣ ብቻ ያዘግማል። ለዚህ ነው አንድ ሙሉ ቀን የሚሰጠው።

"ለምን ታዲያ ሙቀት ላይ አናስቀምጠውም? ይፈጥናል አይደል?" አሉ እትዬ። ልክ ናቸው፣ ይፈጥናል። ግን በዚያ ሙቀት የሚደሰተው ላክቴዝ ብቻ አይደለም። ከማፍላቱ የተረፉትና ከዕቃው የሚገቡት ባክቴሪያዎችም ይራባሉ። ወተቱ መኮምጠጥ ይጀምራል። ሲኮመጥጥ ደግሞ የእርሾው ላክቴዝ ይዳከማል። እኛ ሰፈር መብራት ሌሊቱን ሙሉ ሲጠፋ አንዴ ይህ ደርሶብኛል። ጠዋት ሳየው ወተቱ ሊረጋ ጫፍ ላይ ነበር። ጣፋጭነቱ አልታወቀኝም፣ ኮምጣጣነቱ ሸፍኖታል። እንዲህ የሆነውን ወተት ላክቶስ የለውም ብሎ ለሰው መስጠት አይገባም። ምን ያህሉ እንደተፈታ አታውቅምና።

እርጎ ለእትዬ የሚስማማቸውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። እርጎ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ላክቶሱን ይፈታሉ። ነገር ግን ፈትተው አይተዉትም፣ ይበሉታል። ስኳሩን ላክቲክ አሲድ ያደርጉታል። ኮምጣጣ የሚያደርገው እሱ ነው። ላክቴዝ ብቻውን ሲገባ ግን የሚበላ የለም። የተፈታው ስኳር ሁሉ እዚያው ይቀራል። ከአንድ ላም ወተት አንዱ መንገድ ወደ ኮምጣጣ፣ ሌላው ወደ ጣፋጭ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። አይብ ላይ ደግሞ ብዙው ላክቶስ ከአጓቱ ጋር ይወርዳል።

ፋብሪካው ምን ያደርጋል?

ፋብሪካው የሚሠራው በመሠረቱ የእኛን ሁለተኛ ብርጭቆ ነው። ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ።

በመጀመሪያው መንገድ ወተቱ በትልቅ ማቀዝቀዣ ታንክ ውስጥ እያለ ላክቴዝ ይጨመርበታል። አንድ ቀን ገደማ ቀዝቅዞ ይቆያል። ከዚያ ይሞቃል። ሙቀቱ ጀርሙን ሲገድል ኢንዛይሙንም አብሮ ይገድላል። ሸማቹ ጋ የሚደርሰው ሥራው ያለቀ ወተት ነው።

በሁለተኛው መንገድ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ወተቱ በመጀመሪያ ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንድ ይሞቃል። ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ወደ ካርቶኑ ሊገባ ሲል፣ በረቂቅ ማጣሪያ ከጀርም የጸዳ ላክቴዝ በጥቂቱ ይጨመርበታል። ካርቶኑ ይታሸጋል። ላክቶሱ የሚፈታው ታሽጎ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ነው፣ በቀናት ውስጥ። ኢንዛይሙ ጊዜ ስላለው በጣም ትንሽ ይበቃል። ቁጠባው ብዙ ነው። ችግሩ ኢንዛይሙ ካርቶኑ ውስጥ በሕይወት መቆየቱ ነው። የላክቴዙ ዝግጅት በደንብ ካልጠራ፣ ፕሮቲን የሚቆርጡ ሌሎች ኢንዛይሞች አብረውት ይገባሉ። ወራት ሲቆይ የወተቱን ፕሮቲን ይቆራርጡና ወተቱ መራራ ይሆናል። ቀኑ ሳያልፍ የሚመር የካርቶን ወተት ካጋጠማችሁ ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ሁለቱም መንገዶች አንድ የጋራ ፈተና አለባቸው። መጀመሪያ ላይ ላክቶሱ ብዙ ስለሆነ ኢንዛይሙ በየደረሰበት ያገኘዋል። እያለቀ ሲሄድ ግን የቀሩትን ጥቂቶች ፈልጎ ማግኘት ይከብደዋል። በዚያ ላይ የተፈታው ጋላክቶስ ራሱ እየመጣ ኢንዛይሙ የሚሠራበት ቦታ ላይ ይቀመጣል፣ ሥራ ያስፈታዋል። ሰማንያ በመቶውን መፍታት ቀላል ነው። የመጨረሻዋ አንድ በመቶ ናት የምታስቸግረው። ብዙ አገሮች ላክቶስ የለውም ተብሎ እንዲጻፍ የሚፈቅዱት በ100 ግራም ውስጥ ከ0.1 ግራም በታች ሲሆን ነው። ፊንላንድ ከዚያም አጥብቃ 0.01 ግራም ትላለች።

ፋብሪካው መድረሱን ከሚያውቅባቸው መንገዶች አንዱ ደስ ይለኛል። የተለመደ ወተት በረዶ የሚሆነው ከዜሮ በታች 0.52 ዲግሪ ላይ ነው። ውሃ ውስጥ የሟሙ ሞለኪውሎች ሲበዙ የመቀዝቀዣው ነጥብ ይወርዳል። ቀንበሩ ሲፈታ አንዱ ሁለት ይሆናል፣ ሞለኪውሉ ይበዛል። ሙሉ በሙሉ የተፈታ ወተት ከዜሮ በታች ወደ 0.8 ዲግሪ ይጠጋል። ባለሙያው ጥቂት ወተት ወስዶ በረዶ የሚሆንበትን ዲግሪ ብቻ በማየት ምን ያህሉ እንደተፈታ ይገምታል።

ጣፋጭነቱን የማይፈልጉ ፋብሪካዎችም አሉ። ወተቱን በጣም ቀጭን በሆነ ወንፊት አሳልፈው የላክቶሱን አንድ ክፍል ቀድመው ያወጡታል፣ የቀረውን ብቻ በላክቴዝ ይፈቱታል። የፊንላንዱ የወተት ኩባንያ ቫሊዮ በፈረንጆቹ 2001 ላክቶስ የሌለው ወተት ለገበያ ሲያቀርብ የተነሳው ጣዕሙ ከተለመደው እንዳይለይ ብሎ ነው። እንዲህ ያለው ካርቶን በጀርባው ይታወቃል። የስኳሩ መጠን 4.7 ሳይሆን ወደ 3 ግራም ወርዶ ታገኙታላችሁ።

ወተቱን ቤት ስታሞቁ ደግሞ አንድ ለውጥ ታያላችሁ። የተፈታው ስኳር ከፕሮቲን ጋር ሲሞቅ ቶሎ ይያያዛል፣ ይጠይማል። ድስቱ ሥር ቶሎ ይይዛል። ለማኪያቶ ወይም ለሻይ የምታሞቁት ከሆነ እሳቱን ቀንሱ፣ አማስሉ። ካርቶኑ ውስጥም ከተለመደው ትንሽ ክሬም መልክ ቢኖረው ከዚሁ የመጣ ነው፣ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

ለእትዬ ግን አንድ ነገር ይቀራል

ሦስቱን ብርጭቆ ካዩ በኋላ እትዬ "እሺ፣ ስኳር አልተጨመረም። እንግዲያው ልክ እንደ ድሮው ወተት ልቁጠረው?" አሉኝ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ነው የመለስኩላቸው። ወረቀቱ ላይ የሁለቱ ስኳር እኩል ነው። ላክቶስ የሚፈታ አንጀት ላለው ሰውም ልዩነቱ ብዙ አይደለም። የተለመደውን ወተት ሲጠጣ አንጀቱ ራሱ ይፈታዋል፣ ስኳሩ ወደ ደሙ ይገባል። ካርቶኑ ሥራውን ቀደም ብሎ ሠራለት እንጂ አዲስ ነገር አላመጣም።

እትዬ ግን የማይፈቱ ናቸው። ድሮ አንድ ብርጭቆ ወተት ሲጠጡ ከላክቶሱ ብዙው ወደ ደማቸው አልገባም። ወደ ታች ወርዶ ሆዳቸውን ነፋ፣ ወጣ። ሐኪሞች ላክቶስ የማይስማማውን ሰው ከሚለዩባቸው የቆዩ ምርመራዎች አንዱ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። 50 ግራም ላክቶስ በውሃ ያጠጡና የደም ስኳር ይለካሉ። በአንድ ዴሲ ሊትር ደም ቢያንስ በ20 ሚሊ ግራም ካልጨመረ ላክቶሱ አልተፈታም ይላሉ። ስኳር በሽታ ባለበት ሰው ላይ ግን ውጤቱ ስለሚያሳስት እትዬ ይህን ቤታቸው እንዳይሞክሩት ነግሬያቸዋለሁ።

ስለዚህ ለእሳቸው አዲሱ ወተት ከድሮው ጋር አንድ አይደለም። በ200 ሚሊ ሊትሩ ብርጭቆ ውስጥ ያለው ወደ 10 ግራም የሚጠጋ ስኳር አሁን ሙሉ በሙሉ ደማቸው ይገባል። ሆዳቸው አይነፋም፣ ማሽናቸው ግን ያየዋል። ከእንጀራውና ከዳቦው ጋር አብረው መቁጠር አለባቸው። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ይህን ለሐኪሙ ይንገር።

ወተት የማይስማማው ሁሉ ላክቶስ ነው ችግሩ ማለትም አይደለም። የወተት ፕሮቲን አለርጂ ያለበት ሰው፣ በተለይ ሕፃን፣ ይህ ወተት ምንም አይረዳውም። ፕሮቲኑ እንዳለ ነው ያለው። ቆዳው የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ላይ ላክቴዝ መሞከር አደገኛ ነው። ጋላክቶስን ሰውነታቸው የማይችል፣ በጣም ጥቂት የሆኑ ሕፃናትም አሉ። ለእነሱም ይህ ወተት አይሆንም።

እትዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ የጅሬኑን ወተት ማታ ያፈላሉ። ሲቀዘቅዝ፣ ብርጭቆውን በጉንጫቸው ነክተው ሙቀት እንደሌለው ካረጋገጡ በኋላ፣ ጠብታውን ይጨምሩበታል። በማግስቱ ማታ ግማሽ ብርጭቆ ይጠጣሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣታቸውን ወግተው ይለኩና ቁጥሩን ከማሽኑ ጋር በምትቀመጠው ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ሻያቸውን በወተት የሚጠጡ ከሆነ ደግሞ ድሮ ይጨምሩባት የነበረችውን አንድ ማንኪያ ስኳር ትተዋል።